ወፍራም ሲሊንደር በየትኛው ቀመር ይሰላ? ቀጭን ግድግዳ፣ ባርሎው ወይስ ላሜ

የሃይድሮሊክ ፕሬስ ወይም ከባድ ክሪክ ሲሊንደር ማሠራት ስታስቡ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ግድግዳው ስንት ሚሊሜትር ይሁን? እጃችን ቶሎ የሚሄደው ትምህርት ቤት ወደተማርናት አጭር ቀመር ነው። ግፊት በራዲየስ ይባዛል፣ በውፍረት ይካፈላል፣ አለቀ። ለውሃ ቧንቧና ለቤት ጋዝ ሲሊንደር ይህች ቀመር ጥሩ ናት። ለፕሬስ ሲሊንደር ግን ሰው ልትጎዳ ትችላለች። ለምን እንደሆነ በአንድ ሲሊንደር ላይ ቁጥር እያስገባን እንየው፣ ከዚያ የትኛውን ቀመር የት እንደምንጠቀም መምረጥ ቀላል ይሆናል።

ሲሊንደራችን የውስጥ ዲያሜትሩ 100 ሚሊሜትር ነው እንበል። ስለዚህ የውስጥ ራዲየሱ 50 ነው። የዘይቱ ግፊት 700 ባር፣ ማለትም 70 ሜጋፓስካል ነው። ይህ የተጋነነ ቁጥር አይደለም፣ የከፍተኛ ግፊት ሃይድሮሊክ መሣሪያዎች በብዛት የሚሠሩበት ጣሪያ ነው። ብረቱ በየቦታው የሚገኘው ተራ ብረት ነው፣ ዪልዱ 250 ሜጋፓስካል። ዪልድ ማለት ብረቱ ከተለጠጠ በኋላ ወደ ነበረበት መመለሱን የሚያቆምበት ነጥብ ነው። ግድግዳው 25 ሚሊሜትር ይሁን፣ የውጭ ራዲየሱም 75 ይሆናል።

p ግፊቱ፣ ri የውስጥ ራዲየሱ፣ t ውፍረቱ ይሁን። ሁፕን፣ ማለትም ግድግዳውን ዙሪያውን የሚወጥረውን ስትረስ፣ በአጭሯ ቀመር ስናሰላው፦

```
hoop = p * ri / t = 70 * 50 / 25 = 140 MPa
```

250ን ለ140 ስናካፍል 1.8 ገደማ ይመጣል። ሰውየው ደስ ብሎት ቶርኖ ቤት ይሄዳል። እውነቱ ግን ይህ ሲሊንደር 70 ሜጋፓስካል ሳይሞላ፣ 69.4 ላይ የውስጠኛው ገጹ ላይመለስ መለጠጥ ሊጀምር ይችላል። በወረቀት ላይ 1.8 የነበረው ደህንነት በተግባር 1 እንኳን አልሞላም።

አጭሯ ቀመር የምትነግረን አማካዩን ነው

ሲሊንደሩን በሐሳባችሁ ቁመቱን ይዛችሁ ለሁለት ሰንጥቁት። ግፊቱ ሁለቱን ግማሾች ለመለያየት ይገፋል፣ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ግድግዳዎች ደግሞ ይይዟቸዋል። ግፊቱ የሚገፋበት ስፋት የውስጥ ዲያሜትሩ ነው፣ የሚይዘው ደግሞ ሁለት ጊዜ ውፍረቱ። ከዚህ ሚዛን የሚወጣው 140 ፍጹም ትክክል ነው፣ ግን የግድግዳው አማካይ ነው። ስህተቱ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። «እንግዲህ የግድግዳው ክፍል ሁሉ እኩል ይሸከማል» ስንል ማለት ነው። እኩል አይሸከምም።

ወፍራሙን ግድግዳ እንደ ሽንኩርት በብዙ ስስ ንብርብሮች የተሠራ አድርጋችሁ አስቡት። የውስጠኛው ንብርብር ዙሪያው 314 ሚሊሜትር ነው፣ የውጭኛው 471። ግፊቱ ሲመጣ የውስጡ ራዲየስ በ0.051 ሚሊሜትር ያድጋል፣ የውጩ በ0.042። ሁለቱ የሚቀራረብ መጠን ነው ወደ ውጭ የተገፉት። ነገር ግን ለአጭሩ ቀለበት ያ መጠን ትልቅ መለጠጥ ነው፣ ለረጅሙ ትንሽ። በዚህ ምክንያት የውስጠኛው ንብርብር ከድርሻው በላይ ይሸከማል፣ የውጭኛው ደግሞ ከድርሻው በታች። በ0.051 እና በ0.042 መካከል ያለችው ልዩነትም ዝም ብላ የመጣች አይደለችም። ግድግዳው ራሱ ከውስጥ በኩል ተጨፍልቆ ቀጥኗል ማለት ነው። ይቺን ጭፍለቃ ያዙልኝ፣ ኋላ ዋናዋ ተዋናይ ትሆናለች።

ላሜ ምን ይላል?

ፈረንሳዊው ኢንጂነር ገብርኤል ላሜ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሠራው መፍትሔ ይህንን የንብርብር ነገር በሙሉ በሁለት መስመር ይይዘዋል። የውጭ ግፊት ከሌለ፣ ro የውጭ ራዲየሱ፣ r ደግሞ የምናሰላበት ነጥብ ራዲየስ ሆኖ፦

```
A = p * ri^2 / (ro^2 - ri^2)
hoop(r)   = A * (1 + ro^2 / r^2)
radial(r) = A * (1 - ro^2 / r^2)
```

ሁፕ የምንለው ግድግዳውን ዙሪያውን የሚወጥረው ስትረስ ነው፣ በርሜል ላይ ያለ የብረት ቀለበት እንደሚወጠረው። ራዲያል የምንለው ደግሞ ከመሐል ወደ ውጭ ባለው አቅጣጫ ግድግዳውን የሚጨፈልቀው ነው፣ ጭፍለቃ ስለሆነም ቁጥሩ ኔጌቲቭ ይወጣል።

ለእኛ ሲሊንደር A 56 ሜጋፓስካል ነው። ውስጠኛው ገጽ ላይ ሁፕ 182፣ ራዲያል ደግሞ ከኔጌቲቭ ጋር 70 ነው፣ ዘይቱ ራሱ እዚያ ስለሚጫን ከዚህ ሌላ ሊሆን አይችልም። የግድግዳው መሐል፣ 62.5 ላይ፣ ሁፕ ወደ 137 ይወርዳል፣ ራዲያሉም ወደ 25 ይቀንሳል። ውጭኛው ገጽ ላይ ሁፕ 112 ብቻ ነው፣ ራዲያል ዜሮ።

ሒሳባችሁን ለማረጋገጥ ሁለት ነገር ተመልከቱ። በየትኛውም ራዲየስ ላይ ሁፕና ራዲያል ሲደመሩ አንድ ዓይነት ቁጥር መምጣት አለበት፣ እዚህ 112። ሁለተኛ፣ የውስጥ ሁፕ ከውጭ ሁፕ የሚበልጠው ልክ በግፊቱ ነው፣ 182 ሲቀነስ 112 እኩል ይሆናል 70። እነዚህ ሁለቱ ካልገጠሙ አንድ ቦታ ላይ ዲያሜትርን ከራዲየስ፣ ወይም ባርን ከሜጋፓስካል አምታታችኋል። በዚህ ሥራ ላይ በብዛት የሚያጋጥሙት ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

182 ብቻ አይቶ ማቆም አይቻልም

ብዙ ሰው እዚህ ይደርስና 182ን ከ250 ጋር አወዳድሮ «1.37 አለኝ» ይላል። ብረት ግን የሚሸነፈው አንድ አቅጣጫ ላይ ስለተወጠረ ብቻ አይደለም። አንዱ አቅጣጫ እየተጎተተ ሌላው እየተጨፈለቀ ከሆነ በመሐላቸው ያለው ልዩነት ነው ብረቱን የሚያንሸራትተው። ሊጥ በአንድ በኩል እየጎተታችሁ በሌላ በኩል ስትጫኑት ቶሎ እንደሚረዝመው ማለት ነው። የትሬስካ መለኪያ ይህንን ልዩነት በቀጥታ ይወስዳል፦ 182 እና ኔጌቲቭ 70፣ ልዩነታቸው 252። ከዪልዱ በላይ ነው። የቮን ሚዘስ መለኪያ ትንሽ ይለዝባል፣ ጫፉ ዝግ ለሆነ ሲሊንደር 218 ይሰጣል፣ ያም ቢሆን የሚተርፈን 1.15 ብቻ ነው።

ቁመቱን ተከትሎ የሚመጣው ስትረስስ? ጫፎቹ ዝግ ቢሆኑ 56 ነው፣ ጫፎቹን ሌላ ነገር ከያዘላቸው ዜሮ። በሁለቱም ሁኔታ በ182 እና በኔጌቲቭ 70 መካከል ስለሚወድቅ ትሬስካን አይነካውም። እኔ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ትሬስካን የምመርጠው በዚህም ጭምር ነው፣ ጫፉ እንዴት እንደተያዘ በትክክል ሳታውቁ መልሱ ይቆማል።

አምስቱ ምርጫዎች ጎን ለጎን

ለተመሳሳይ ሲሊንደር ሰዎች የሚጠቀሙባቸው ቀመሮች የሚሰጡት ይህን ነው።

| ቀመር | ስሌት | ውጤት በሜጋፓስካል |
|---|---|---|
| ቀጭን ግድግዳ፣ በውስጥ ራዲየስ | `p*ri/t` | 140 |
| ቀጭን ግድግዳ፣ በመሐል ራዲየስ | `p*rm/t` | 175 |
| የኤ.ኤስ.ኤም.ኢ. ቀመር | `p*(ri/t + 0.6)` | 182 |
| ባርሎው፣ በውጭ ራዲየስ | `p*ro/t` | 210 |
| ላሜ ከትሬስካ ጋር | `2*p*ro^2/(ro^2-ri^2)` | 252 |

ከ140 እስከ 252 ድረስ ነው ልዩነቱ፣ ለአንድ ዕቃ! ቁጥሮቹ ለምን እንዲህ እንደተደረደሩ የምታሳይ አንዲት አገላለጽ አለች። የላሜን የውስጥ ሁፕ ትንሽ ብታሸጋሽጉት እንዲህ ይሆናል፦

```
hoop_in = p * ( ri/t + ro/(ro + ri) )
```

የመጀመሪያው ክፍል ያቺው የቀጭን ግድግዳ ቀመር ናት። ሁለተኛው ክፍል ቀመሯ የረሳችው ነው። ግድግዳው በጣም ስስ ሲሆን ይህ የተረሳው ክፍል ግማሽ ነው፣ ግድግዳው እጅግ ሲወፍር ወደ አንድ ይጠጋል። ከዚህ ክልል አይወጣም። አጭሯ ቀመር እንግዲህ ሁልጊዜ የምትሳሳተው ከግፊቱ ግማሽ እስከ ግፊቱ ሙሉ ባለው መጠን ነው። ስስ ዕቃ ላይ ሁፕ የግፊቱ 50 እጥፍ ይሆናል፣ ለምሳሌ ራዲየሱ 150 ግድግዳው 3 ሚሊሜትር የሆነ የጋዝ ሲሊንደር፣ እዚያ ላይ ግማሽ ግፊት ቢረሳ አንድ በመቶ ነው፣ ማንም አይጎዳም። የእኛ ሲሊንደር ላይ ግን ሁፕ ራሱ ከግፊቱ ሁለት እጥፍ ተኩል ብዙም አይርቅም። ከዚያ ላይ 0.6 እጥፍ መርሳት በጣም ብዙ ነው።

የመሐል ራዲየስ የምትጠቀመው ቀመር አጭሯ ላይ የግፊቱን ግማሽ እንደመጨመር ናት፣ ለዚህ ነው 175 ድረስ የምትጠጋው። ሁፕን ብቻ በግምት ማወቅ ከፈለጋችሁ ከውስጥ ራዲየሷ በብዙ ትሻላለች። ባርሎው አጭሯ ቀመር የረሳችውን ክፍል ሙሉ አንድ አድርጎ ይደምራል፣ ስለዚህ ሁፕን ሁልጊዜ ከፍ አድርጎ ነው የሚሰጠው። ለቧንቧ መስመር የተወደደውም ለዚህ ነው። ግን ልብ በሉ፣ የባርሎው 210 ከትሬስካው 252 በታች ነው። «ባርሎው ወግ አጥባቂ ነው» የሚለው አባባል ለሁፕ እንጂ ለወፍራም ግድግዳ ዪልድ አይሠራም።

የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር፣ የኤ.ኤስ.ኤም.ኢ.፣ የግፊት ዕቃ ደንብ፣ ሴክሽን 8 ዲቪዥን 1፣ ያንን ክፍል 0.6 ላይ ቸክሎታል። ደንቡ ቀመሩን ውፍረቱ ከውስጥ ራዲየሱ ግማሽ እስካልበለጠ ድረስ ብቻ ተጠቀሙ ይላል። የእኛ ሲሊንደር ልክ ድንበሩ ላይ ነው፣ 75 ለ125 ሲካፈል 0.6 ነውና ከላሜ ጋር ቁጭ ብሎ ይገጥማል። ከዚህ ቀጭን ከሆነ 0.6 ትንሽ ያበዛል፣ ከዚህ ከወፈረ ያሳንሳል። ደንብ ላይ ያለ ገደብ ለምን እንደተቀመጠ እንዲህ ሲገባ ደስ ይላል። ይህ ቀመር ደንቡ ከሚፈቅዳቸው ዝቅ ያሉ የስትረስ ጣሪያዎች ጋር አብሮ እንዲሠራ የተዘጋጀ ነው፣ ቀመሩን ብቻ ነጥላችሁ ከዪልድ ጋር አታወዳድሩት።

ታዲያ የቱን ልጠቀም? እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። ውስጥ ራዲየሱ ከውፍረቱ 20 እጥፍና ከዚያ በላይ ከሆነ በአጭሯ ቀመር እሄዳለሁ። በ10 እና በ20 መካከል ከሆነ በአጭሯ አሰላና ሙሉ አንድ ግፊት እጨምርበታለሁ፣ ባርሎው ማለት ነው። ከ10 በታች ከሆነ ያለ ምንም ክርክር ላሜ ከትሬስካ ጋር። ውፍረቱ ከራዲየሱ አንድ አሥረኛ ካልበለጠ ግድግዳው ቀጭን ነው የሚለው፣ መጽሐፍት ላይ የታወቀው ደንብ ጥሩ መነሻ ነው፣ ግን ልክ 10 ላይ ሁፕ የሚሳሳተው በ5 በመቶ ቢሆንም ትሬስካ ከአጭሯ ቀመር 15 በመቶ ይበልጣል። ይህንን ብዙ ሰው አያስተውለውም፣ የራዲያሉ ጭፍለቃ ስለሚረሳ ነው። ዕቃው ከሸክላ ብረት የተቀለጠ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይለያል። እሱ ሳይለጠጥ ነው የሚሰነጠቀው፣ ስለዚህ የላሜን የውስጥ ሁፕ በቀጥታ ከመሰንጠቂያ አቅሙ ጋር አወዳድሩ።

«ካልቻለ እናወፍረዋለን»

ይህ የሁሉም ሰው የመጀመሪያ መልስ ነው። ቀጭኗ ቀመርም ታበረታታለች፣ ውፍረቱን እጥፍ ስታደርጉ ስትረሱን ግማሽ ታደርግላችኋለች። የእኛን ሲሊንደር ግድግዳ ወደ 50 ሚሊሜትር እናሳድገው። አጭሯ 70 ትላለች። ላሜ የውስጥ ሁፕ 117 ነው ይላል፣ ትሬስካ 187። ወደ 100 ሚሊሜትር፣ ማለትም አራት እጥፍ እናድርገው። አጭሯ 35 ብላ ታርፋለች። ላሜ 87.5 ላይ ነው፣ ትሬስካም 157.5 ነው። ግድግዳውን ያለ ገደብ ብታወፍሩት እንኳን ሁፕ ከ70 አይወርድም፣ ትሬስካም ከ140 አይወርድም። ውጭ የምትጨምሩት ብረት ብዙም ሳይሸከም ክብደት ይሆናል፣ ውስጠኛው ንብርብር ላይ ዘይቱ የሚጫነው ያው 70 ነውና።

ከዚህ የሚወጣው ነገር ከባድ ነው። ይህንን ሲሊንደር ከተራ ብረት፣ በዪልድ ላይ ሁለት እጥፍ ደህንነት ይዛችሁ መሥራት ብትፈልጉ የሚፈቀድላችሁ 125 ነው። አጭሯ ቀመር «28 ሚሊሜትር ይበቃል» ትላለች። ላሜና ትሬስካ የሚሉት ግን የትኛውም ውፍረት አይበቃም ነው። 28 አይበቃም፣ 280ም አይበቃም። እዚህ ላይ ምርጫው ከውፍረት ወደ ብረት ዓይነት ይዞራል። 42CrMo4 የሚባለው ክሮም ሞሊብዲነም ብረት ተጠንክሮና እንደገና ተሞቆ ሲለዝብ በዚህ ውፍረት ዪልዱ ከ600 ሜጋፓስካል በላይ ነው። ያው 25 ሚሊሜትር ግድግዳ፣ ያው 252፣ ግን አሁን ከሁለት እጥፍ በላይ ይተርፈናል።

ግፊቱ ከዚህም እጅግ ከፍ ሲል ብረት መቀየርም አይበቃም፣ ውስጠኛው ንብርብር አስቀድሞ እንዲጨፈለቅ ይደረጋል። አንዱ መንገድ ውጭኛውን ቱቦ አሙቆ ውስጠኛው ላይ ማልበስ ነው፣ ሲቀዘቅዝ ይጨምቀዋል። ሌላው ሲሊንደሩን ሥራ ላይ ከሚያየው በላይ በሆነ ግፊት ሆን ብሎ ውስጡን ማለጠጥና መልቀቅ ነው። ይህ ኦቶፍሬታዥ ይባላል፣ የመድፍ አፈሙዝና የናፍጣ ሞተር ከፍተኛ ግፊት መስመሮች የሚሠሩት በዚህ ነው። ሁለቱም ልኬት በጣም የሚጠይቁ ናቸው፣ በግምት የሚሞከሩ አይደሉም።

በስህተት የተሰላ ሲሊንደር እንዴት ይታወቃል?

የእኛ 25 ሚሊሜትር ሲሊንደር በመጀመሪያው ቀን አይፈነዳም። ውስጡ መለጠጥ ቢጀምርም ውጩ ገና ስለሚይዘው ግድግዳው በሙሉ እስኪለጠጥ ድረስ ግፊቱ 100 ሜጋፓስካል አካባቢ መድረስ አለበት። ችግሩ በዝግታ ነው የሚመጣው። ደህንነት ቫልቩ ትንሽ ከፍ ተደርጎ ይታሰራል፣ ወይም ድንገተኛ ምት ግፊቱን ወደ 80 ይወስደዋል፣ ውስጠኛው ገጽ በጥቂቱ ይሰፋና አይመለስም። ከዚያ ጎሚኒው ዘይት ማሳለፍ ይጀምራል። ጎሚኒ ይቀየራል፣ እንደገና ያሳልፋል። ተደጋጋሚ የጎሚኒ ችግር ስታዩ ጎሚኒውን ከመውቀሳችሁ በፊት የሲሊንደሩን ውስጥ የውስጥ ዲያሜትር መለኪያ በሆነው በቦር ጌጅ ለኩት። ከጫፎቹ ይልቅ መሐሉ ሰፍቶ ከተገኘ ሲሊንደሩ ተለጥጧል። አዲስ ሲሊንደር ስትፈትኑም ከግፊቱ በፊትና በኋላ የውስጥ ልኬቱን ጻፉት፣ ልዩነት ካለ ከዪልድ አልፋችኋል። ፈተናውን በዘይት ወይም በውሃ እንጂ በአየር በፍጹም አታድርጉት፣ የታመቀ አየር ሲፈነዳ ፍርስራሹ ሰው ይገድላል።

ውጩ ላይ የሚለጠፍ ስትሬን ጌጅ፣ ማለትም ብረቱ ስንት ሚሊዮንኛ እንደተለጠጠ በማይክሮስትሬን የሚለካ መሣሪያ፣ ያላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። በአጭሯ ቀመር 700 ማይክሮስትሬን ጠብቃችሁ 560 ታነባላችሁ፣ ውጩ ላይ ያለው ሁፕ 112 ብቻ ስለሆነ። «ከጠበቅነው በታች ነው፣ እሰየው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ያ ንባብ ግን የአጭሯ ቀመር ስህተት ማስረጃ ነው። ውጩ ከአማካዩ ያነሰ ከተሸከመ ቀሪውን የተሸከመው ውስጡ ነው፣ ውጭ ባነበባችሁት ሁፕ ላይ የዘይቱን ግፊት ደምሩና የውስጡን ታገኛላችሁ።

አንድ የቀረኝ ነገር የዘይት መግቢያው ቀዳዳ ነው። ላሜ የሚሠራው ከጫፎችና ከቀዳዳዎች ርቆ ባለ ንጹሕ ግድግዳ ላይ ነው። ግድግዳውን በጎን ስትበሱት በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ሁፕ ወደ ሁለት ተኩል እጥፍና ከዚያ በላይ ይዘላል፣ ስንጥቅም ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከዚያ ነው። ቀዳዳውን ከተቻለ በታችኛው ክዳን በኩል አስገቡት። የግድ በጎን ከሆነ የውስጥ ጠርዙን አለስልሱት፣ ጥርስ ካወጣችሁበትም ውፍረቱን ስትለኩ ከጥርሱ ሥር ጀምራችሁ ለኩ።